ያውቁ ኖሯል? «ኤስ» ስትቀር ሐሳቡ ይለወጣል

በእንግሊዝኛ «ኢንሲስት» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ አለው፤ አንድም «እውነት ነው» ብሎ መሟገት፣ አንድም «ይደረግ» ብሎ መጠየቅ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ከ«ዛት» በኋላ የሚመጣው ግስ ነው።

የቤት ኪራይ ክርክር እንውሰድ። ጠበቃዋ «ሺ ኢንሲስትድ ዛት ሂ ፔይስ ዘ ሬንት» ከተባለላት፣ ተከራዩ ኪራዩን እንደሚከፍል ተሟግታለች፤ ለእሱ የቆመች ትመስላለች። «ፔይስ» «ፔይ» ከሆነ ግን እንዲከፍል ጠይቃለች፤ ወደ አከራዩ ወገን ተሻግራለች ማለት ነው! ዋናው ግስ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም «ፔይ» ወደ «ፔይድ» አይዞርም። አሉታውም ያለ ረዳት ግስ «ሂ ኖት ፔይ» ይሆናል እንጂ «ዳዝ» አይገባበትም።

ችግሩ ባለቤቱ «ዘይ» ሲሆን ነው። «ዘይ ፔይ» በሁለቱም መንገድ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠፋል። «ቢ» ግን አያምታታም፤ «ዛት ዘይ ቢ ፕረዘንት» ሲባል ይገኙ የሚል ጥያቄ ብቻ ነው።

«ሰጀስት» እና «ሪኮመንድ» የሚባሉት ግሶችም «ይደረግ» ለማለት ሲውሉ ይህንኑ «ኤስ» የሌለውን ግስ ያስከትላሉ። አሜሪካኖች ይህን አነጋገር ያዘወትራሉ። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ «ሹድ» ጨምረው «ሂ ሹድ ፔይ» ይላሉ፤ አንዳንዴም ተራውን «ፔይስ» ለጥያቄም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የለንደን ደብዳቤ ላይ «ፔይስ» ያየ ሰው ዙሪያውን ማንበብ አለበት።