ከሰሊጥ ሚዛን ወደ ሶፍትዌር፦ በቃለ መጠይቅ ምን ልበል?

በገዳሪፍና በመተማ መስመር ሰሊጥ ስትመዝኑ ቆይታችሁ ወደ ሶፍትዌር ከገባችሁ፣ «ለምን ሙያ ቀየራችሁ?» ስትባሉ «ቴክኖሎጂ ስለምወድ» አትበሉ። ጠያቂው ከዚህ መልስ ችሎታችሁን አያይም።

ይልቅ የምታውቁትን አንድ ችግር አንሱ። ለምሳሌ የተጫነው መኪና 42,300 ኪሎ፣ ባዶው 14,100 ቢመዝን፣ የተጣራው 28,200 ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ መዝጋቢው ይህን መረጃ በድጋሚ ሲልከው ያው ጭነት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ መጋዘን ውስጥ የሌለ ሰሊጥ መዝገብ ላይ ይታያል።

ቀጥሎ መፍትሔውን ተናገሩ፦ የሚዛን ደረሰኙ ቁጥር እንዳይደገም ዳታቤዙ ላይ `UNIQUE` ገደብ ይደረጋል። «ሁለት ሚዛን ቤቶች ተመሳሳይ ቁጥር ቢሰጡስ?» ከተባላችሁ፣ ገደቡ የሚዛን ቤቱን መለያና ቁጥሩን በአንድነት ይያዝ በሉ።

ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ፤ ተከታዩ ጥያቄ ያጋልጣችኋል።