ፖታሲየም 5.9፦ ከሙዙ በፊት የሚጠየቀው

የኩላሊት ሕመም ያለባት፣ ዳያሊስስ ያልጀመረች ሴት የላብራቶሪ ውጤቷ ደረሰ እንበል። ፖታሲየሟ በሊትር 5.9 ሚሊሞል ነው፤ መደበኛው እስከ 5 ገደማ ነው። ፎስፌቷም ከፍ ብሏል።

ሙዝና ድንች ከመከልከላቸው በፊት የደሙ ናሙና ይጠየቃል። ደም ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎች ከፈነዱ፣ ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወጥቶ ቁጥሩን በሐሰት ያንረዋል። ስለዚህ ምርመራው ሳይዘገይ ይደገማል፤ ልቧም በኢሲጂ ይታያል።

ድጋሚው 5.8 ሆነ። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ፖታሲየም ይጨምራል፤ ሆኖም ኩላሊትንም ስለሚጠብቅ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሟ እንጂ እሷ አይደለችም። «ጨው ቀንሺ» ስትባል የገዛችው የጨው ምትክ ግን ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነውና ወዲያው ይቅር። ድንቹ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል።

ፎስፌቱስ? ከሽሮ ወደ ደም የሚገባው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ በኮላና በታሸገ ሥጋ ላይ የሚጨመረው ግን አብዛኛው ይገባል። ቀድሞ የሚቀነሰውም እሱ ነው።