በእርጅና ዘመን ሳል ለምን ይደክማል?



ብዙ ሰው ሳንባ የሚያረጀው እየጠበበ በመሄድ ይመስለዋል። በመለኪያ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጤነኛ ሰው በሙሉ ኃይሉ አየር ሲስብ ሳንባው የሚይዘው ጠቅላላ መጠን በ25 ዓመቱም ሆነ በ75 ዓመቱ እምብዛም አይለያይም። የሚለወጠው፣ እስከ መጨረሻው ተንፍሰን እንኳ ልናወጣው የማንችለው ቀሪ አየር ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዲት ሴት ሳንባ 5 ሊትር ይይዛል እንበል። በወጣትነቷ ቀሪው አየር 1.3 ሊትር ቢሆን፣ የምታስገባውና የምታስወጣው 3.7 ሊትር ነው። በእርጅናዋ ቀሪው ወደ 2 ሊትር ከፍ ሲል ለሥራ የሚተርፋት 3 ሊትር ብቻ ይሆናል። ቤቱ አልጠበበም፤ ያልተጠረገ ጓዳው ሰፋ እንጂ።

ይህ የሚሆነው ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለሚከሰቱ ነው። ሳንባ በውስጡ ባሉት የኢላስቲን ክሮች አማካይነት እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ምንጊዜም ወደ ውስጥ ለመሰብሰብ ይጥራል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ የመመለስ ኃይል ይላላል። የአየር ከረጢቶቹም ይሰፋሉ፤ ሆኖም በትንባሆ ሳቢያ እንደሚመጣው ሕመም ግድግዳዎቻቸው አይፈርሱም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። የደረት ግድግዳ በበኩሉ ይደርቃል። የጎድን አጥንቶችን ከፊት የሚያያይዘው ልምጭ አጥንት ካልሲየም እያጠራቀመ ይጠነክራል፣ መጋጠሚያዎቹ ይገትራሉ፣ ጀርባም ይጎብጣል። እንግዲህ ሳንባው ለመስፋት ቢቀልም ደረቱ አይፈቅድለትም፤ ጠቅላላው መጠን ሳይለወጥ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የደረቀውን ደረት ለማንቀሳቀስ ጡንቻዎች ተጨማሪ ድካም ይከፍላሉ።

የመመለስ ኃይሉ ሌላም ሥራ አለው። ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ልምጭ አጥንት ስለሌላቸው ክፍት ሆነው የሚቆዩት በዙሪያቸው ያለው የተለጠጠ አካል ከየአቅጣጫው ስለሚጎትታቸው ነው፤ ልክ ድንኳንን ገመዶቹ ወጥረው እንደሚያቆሙት። ገመዱ ሲላላ በተለይ በሳንባው ግርጌ ያሉት ቧንቧዎች ገና አየር ሳይወጣ ይዘጋሉ። በጀርባ የተኛ ሰው ከ45 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከ65 ዓመት ገደማ ጀምሮ በተራ ትንፋሹ መጨረሻ ላይ ይህ ይደርስበታል። በመኝታና በመቀመጥ መካከል ያለውን የሃያ ዓመት ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሳል እንምጣ። ሳል በመጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ይስባል። ከዚያ የድምፅ አውታሮች ለ0.2 ሰከንድ ያህል ይዘጋሉ፤ የሆድና የደረት ጡንቻዎችም የታሰረውን አየር ይጨምቁታል። አውታሮቹ በድንገት ሲከፈቱ አየሩ እየፈነዳ ይወጣና አክታውን ይጠርጋል። የደረቀ ደረት የመጀመሪያውን እርምጃ ያሳጥራል፣ የደከመ ጡንቻ ጭመቃውን ያሳንሳል፣ የላላ ሳንባ ደግሞ የፍንዳታውን ግፊት ይቀንሳል። የጤነኛ ጎልማሳ ሳል ፍጥነት በአብዛኛው በደቂቃ ከ360 ሊትር በላይ ነው። ጡንቻቸው በሕመም በደከመ ሰዎች ላይ እንደታየው፣ ከ160 ሊትር በታች ሲወርድ አክታን ማውጣት አይቻልም። ለሳል የሚያነሳሳው ስሜትም በአረጋውያን ዘንድ ይደበዝዛል።

የ76 ዓመት እናት ደረጃ ላይ ወድቀው ሁለት የጎድን አጥንት ተሰበረባቸው እንበል። ሕመሙን ሽሽት በጀርባቸው ተኝተው በትንሽ በትንሹ ይተነፍሳሉ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት የላቸውም፣ አይስሉም፤ ልጆቻቸውም «ሳል ስለሌለባቸው ሳንባቸው ደኅና ነው» ብለው ተጽናንተዋል። ምግብ ግን እንቢ ብለዋል፣ ንግግራቸውም ይዘባርቃል። አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሻቸው ቢቆጠር 28 ይሆናል። ይህ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። የሳሉ አለመኖር እዚህ ላይ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሳል ያልመጣው አክታ ስለሌለ ሳይሆን የሚያወጣው ኃይል ስለሌለ ሊሆን ይችላልና።

በመጀመሪያው ቀን ሊደረግ የሚገባው አስቀድሜ ካልሁት ይከተላል። ሕመሙ በሐኪም ትእዛዝ በበቂ ይታገሥ፤ ያለዚያ ረጅም ትንፋሽ የለም። እኚህ እናት ቀኑን ትራስ ተደግፈው ቀና ብለው ይዋሉ፤ ይህን ጊዜ የሳንባው ግርጌ ይከፈታል። ደረትን በጨርቅ አጥብቆ ማሰር በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም ያንኑ የደረቀውን ደረት ይበልጥ ስለሚያስር አልደግፈውም። መሳል ሲያሻቸው ትራስ በተሰበረው ጎን ላይ ይቀፉ፣ በዝግታ ረጅም አየር ይሳቡ፣ ከዚያም መስተዋት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፋቸውን ከፍተው ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ያስወጡ። ይህ አውታሮቹን መዝጋት ስለማይጠይቅ ከሙሉ ሳል ያነሰ ያምማል፤ አክታውንም ወደ ጉሮሮ ያቀርበዋል።