መሬት ውሃ ሲጠጣ በሁለት ቀለበት መለካት

ጉንችሬ አካባቢ ከቤቱ ፊት ለፊት ጀፎረው ይዘረጋል፤ ከብት የሚግጥበት፣ ሰው የሚመላለስበት ሣር ነው። ከጓሮ ደግሞ እንሰቱ በፍግ በለማና በቁፋሮ በላላ አፈር ላይ ይቆማል። አንድ ዝናብ በሁለቱም ላይ እኩል ይወርዳል፤ የተረገጠው መሬት ግን ቶሎ ይጠግባል። ልዩነቱን በቁጥር የሚያሳየው የስርገት መለኪያ ሁለት የብረት ቀለበት ነው።

ቀለበቶቹ ክዳንም ታችም የላቸውም። የውስጠኛው አግድመት ብዙ ጊዜ 30፣ የውጪው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱን በሌላው መሃል አስቀምጦ፣ ጣውላ አጋድሞ በመዶሻ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ማስገባት ነው። ከዚያ ሁለቱም ውሃ ይሞላሉ፤ ንባቡ ግን ከውስጠኛው ብቻ ይወሰዳል። ከአንድ ቀለበት የገባ ውሃ ወደ ጎንም ይሸሻልና መሬቱ ከልኩ በላይ የሚጠጣ ያስመስላል። የውጪው ውሃ ዙሪያውን አርሶ የውስጠኛውን በቀጥታ ቁልቁል እንዲወርድ ያግዘዋል። ስለዚህ የሁለቱ ውሃ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ ቢያንስ ሦስት ትልልቅ ጀሪካን ውሃ ያዘጋጁ፤ በመሃል ካለቀ ልኬቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ብረቱ ሲመታ ከተንጋደደ በጎኑ ክፍተት ይፈጠራል፤ ውሃው በድንገት ሲጎድል ወይም ከውጪው ቀለበት ውጪ ላዩ ሲረጥብ ይታወቃል። ያኔ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይሻላል። ውሃው አፈሩን እንዳይቦረቡር ሲፈስ ላስቲክ ማንጠፍም ያስፈልጋል።

ለማስረዳት ያህል፣ የገባው ውሃ በ10 ደቂቃ 20፣ በ40 ደቂቃ 46፣ በ100 ደቂቃ 80 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ኮስቲያኮቭ እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው ቀመር ይህ ነው፦

```
F = a × t^b
```

F እስከዚያ ሰዓት የገባው ውሃ፣ t ደቂቃው ነው። የሁለቱም ሎጋሪዝም ሲነጠብ ነጥቦቹ ቀጥታ መስመር ይሠራሉ፤ የመስመሩ ዘንበልታ b ነው። ጊዜው ከ10 ወደ 100 አሥር እጥፍ ሲያድግ ውሃው አራት እጥፍ ሆኗል፤ የ4 ሎጋሪዝም 0.6 ነውና b 0.6 ሆነ። በ10ኛው ደቂቃ t^b ወደ 4 ስለሚሆን a ደግሞ 20 ለ4 ሲካፈል 5 ይወጣል። የ40 ደቂቃውን ንባብ ሲሞክሩት 46 ይሰጣል፤ ገጥሟል። በ100ኛው ደቂቃ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 29 ሚሊ ሜትር ነው።

ቀመሩ ግን ድንበር አለው። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ፍጥነቱን ወደ ዜሮ ያወርደዋል፤ አፈር ግን ከጠገበ በኋላም በአንድ ቋሚ ፍጥነት መጠጣቱን ይቀጥላል። ሆርተን በቀመሩ ይህን ቋሚ ፍጥነት ለብቻው አስገብቶታል። ለረጅም ዝናብ የሚያሰሉ ከሆነ ንባቡ እስኪረጋ ድረስ ቀለበቱን አይንቀሉት፤ የጀፎረውን ቁጥርም ለእንሰቱ ጓሮ አይጠቀሙበት።