«እሺ» ያለችው ልጅ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የብልሃርዚያን ስርጭት ሊያጠና የተነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አለ እንበል። ዕቅዱ ከልጆቹ ሰገራ መቀበልና ከክንዳቸው ደም መቅዳት ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ክፍሉ ላይ ሲደርስ ከቀደሙት ጽሑፎች የለመደውን ይጽፋል፦ «ከወላጆች ፈቃድ ይወሰዳል፤ ምስጢር ይጠበቃል፤ ጥናቱ ምንም ጉዳት የለውም።» ገምጋሚ ኮሚቴው ጽሑፉን ይመልስበታል። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው በዚያን ቀን ጠዋት በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ ነውና።

«ምንም ጉዳት የለውም» ከሚለው እንጀምር። መርፌ ያማል፤ ልጅ ደግሞ ይፈራዋል። ስለዚህ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚቀዳ፣ የደም ሥሩ አልገኝ ቢል ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደሚተው መጻፍ አለበት። ይህን ሲጽፍ ከባዱ ጥያቄ ይመጣበታል፦ የክንዱ ደም ለምን አስፈለገ? የትሉ እንቁላል የሚፈለገው ሰገራ ውስጥ ነው። ደሙ የተፈለገው የደም ማነስን ለመለካት ብቻ ከሆነ ከጣት የምትወጣ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ተማሪው ዘዴውን ይለውጣል። የሥነ ምግባር ክፍል በቅንነት ሲጻፍ ጥናቱን ራሱን እንዲህ ያርመዋል።

ቀጥሎ ፈቃድ። የርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ግቢው ውስጥ ለመግባት ይጠቅማል፤ የወላጅን ፈቃድ ግን አይተካም። «የማይስማማ ወላጅ ወረቀቱን ይመልስ» ብሎ በልጅ እጅ መላክም ችግር አለበት፤ ወረቀቱ እቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ቢቀር ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። እናትዮዋ ማንበብ የማትችል ከሆነ ቅጹ በምትሰማው ቋንቋ ይነበብላታል፤ ከአጥኚዎቹ ወገን ያልሆነ ምስክር ባለበት አሻራዋን ታኖራለች።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የልጅቷ የራሷ ቃል ነው። ወላጅ ፈቀደ ማለት እርሷ ተስማማች ማለት አይደለም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ ለታላቅ «እሺ» እንዲል ተደርጎ ያድጋል፤ መምህሯ ቆሞ እያየ «ትሳተፊያለሽ?» የተባለች የ10 ዓመት ልጅ ሌላ ምን ትላለች? ስለዚህ ጽሑፉ ጥያቄው መምህሩ በሌለበት እንደሚቀርብ ይናገር። ሊነገራት የታሰበው ቃልም እንዳለ ይስፈር፦ «ጣትሽን አንዴ እንወጋሻለን፤ ትንሽ ያምምሻል። ካልፈለግሽ ማንም አይቆጣሽም፤ ከጀመርን በኋላም ተዉኝ ማለት ትችያለሽ።» ከዚያ ምን ሊደረግ እንደሆነ በራሷ አነጋገር እንድትናገር ትጠየቃለች። መናገር ካቃታት «እሺ» ያለችው ሳይገባት ነው፤ እንደገና ይብራራላት። እጇን ከሰበሰበች ወይም ካለቀሰች ደግሞ እምቢ ማለቷ ነው፤ እናቷ ፈርማለች ተብሎ አትያዝም።

ትሉ የተገኘባቸው ልጆችስ? «ሕክምና ያገኛሉ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊ ግራም እየተሰላ ይሰጣል፤ በማን ወጪ እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚሰጥ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደርሳቸው ይጻፋል። ውጤቱ ክፍል ውስጥ ስም እየተጠራ እንደማይነገርም እንዲሁ።

ራሱን ስቶ በቃሬዛ የገባ ሕመምተኛ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ጊዜም የለም። በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተደረገው ፊስት የተባለው ጥናት ለዚህ መንገድ አሳይቷል። በከባድ ትኩሳት ደክመው ሆስፒታል ለገቡ ሕፃናት የሳላይን ወይም የአልቡሚን ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ይጠቅም እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር፤ 3,141 ሕፃናት ተካተውበታል። ልጇ እያቃሰተባት ላለች እናት ረጅም ቅጽ ማንበብ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሁኔታው አጣዳፊ ሲሆን በአጭሩ በቃል ተነግሯት እሺታዋ ይጠየቃል፤ ሙሉው ማብራሪያና ፊርማው ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ይመጣል። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው 100 ሕፃናት ወደ 11 የሚጠጉ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው ግን 7 ገደማ ሞተዋል። ይጠቅማል ተብሎ የታሰበው ነገር ጎዳ። «አጣዳፊ ስለሆነ ጥናት አይደረግ» ብንል ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

ይህን መንገድ የሚከተል ጸሐፊ ግን አንድ አንቀጽ ይጨመርበታል። በሽተኛው ነቅቶ፣ ወይም ቤተሰቡ ተረጋግቶ «አልፈቅድም» ቢል የተቀዳው ደም ይወገዳል? መረጃው ከመዝገብ ይሰረዛል? ሕክምናውስ ሳይጓደል ይቀጥላል? ልጁ ሙሉው ፈቃድ ሳይጠየቅ ቢሞትስ ሐዘን ላይ ያለችውን እናት ማን፣ መቼ ያነጋግራታል? የእነዚህ መልስ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሳይመዘገብ በፊት ጽሑፉ ላይ መስፈር አለበት።