መስመሩ ምን ይላል? የክላስ ዲያግራምን ማንበብ

አንድ ባለሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም ሊያሠራ ነው እንበል። ባለሙያዎቹ ኮድ መጻፍ ሳይጀምሩ ሳጥኖችና መስመሮች የተሣሉበት ወረቀት ያሳዩታል። ይህ ሥዕል የክላስ ዲያግራም ይባላል። የሚሣልበት ደንብ ዩኤምኤል ነው፤ ግሬዲ ቡች፣ ጄምስ ራምቦ እና ኢቫር ጃኮብሰን የየራሳቸውን አሣሣል አዋሕደው ያዘጋጁት ሲሆን፣ ኦኤምጂ የተባለው ደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ተቀብሎታል። ባለሱቁ ኮድ ባያውቅም ሥዕሉን ማንበብ ከቻለ፣ ገንዘብና መረጃ የሚያሳጣውን ስህተት ገና ወረቀት ላይ ሳለ ይይዘዋል።

ከሳጥኑ እንጀምር። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ክላስ ነው፤ ማለትም ፕሮግራሙ መዝግቦ የሚይዘው አንድ የነገር ዓይነት። ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፤ ከላይ ስሙ፣ መሃል ላይ የሚይዘው መረጃ፣ ከታች የሚሠራው ሥራ። «ደረሰኝ» የሚለው ሳጥን መሃሉ ላይ ቁጥርና ቀን፣ ከታች ደግሞ «ድምር አስላ» ይኖረዋል። በሱቃችን ሥዕል ላይ ደንበኛ፣ ደረሰኝ፣ የደረሰኝ መስመር፣ ዕቃ፣ የበዓል ጥቅል እና ክፍያ የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን በሳጥኖቹ መካከል ባሉት መስመሮች ላይ ነው።

ደንበኛንና ደረሰኝን የሚያገናኘው ተራ መስመር አሶሴሽን ይባላል፤ ሁለቱ ይተዋወቃሉ ማለት ነው። በደንበኛ በኩል 0..1፣ በደረሰኝ በኩል * ተጽፏል። ቁጥሩ የሚነበበው ከማዶ ነው፤ ከአንዱ ሳጥን ተነስቶ በመስመሩ መጨረሻ ያለውን ቁጥር ማየት ነው። ስለዚህ አንድ ደንበኛ ምንም ወይም ብዙ ደረሰኝ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ደረሰኝ ግን ቢበዛ የአንድ ደንበኛ ነው፤ ስሙ ላልተመዘገበ ገዢም ሊቆረጥ ይችላል። ቁጥሮቹን አዟዙሮ ያነበበ ሰው አንድ ደንበኛ ከአንድ ጊዜ በላይ መግዛት የማይችልበት ፕሮግራም ይሠራል። ከደረሰኝ መስመር ወደ ዕቃ ያለው መስመር ደግሞ ጫፉ ላይ ክፍት ቀስት አለው። መስመሩ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው፤ ዕቃው ግን በየትኞቹ ደረሰኞች ላይ እንደተጻፈ ራሱ አይዝም።

ክፍያ የሚለው ሳጥን ሥር «በጥሬ ገንዘብ» እና «በባንክ ዝውውር» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ከእነርሱ የሚነሳው መስመር ውስጡ ባዶ በሆነ ሦስት ማዕዘን ያበቃል። ይህ ውርስ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ያለው ሁልጊዜ በወላጁ በኩል ነው፤ ልጁ ወላጁን ጠቅሶ ይጻፋል፣ ወላጁ ግን ልጆቹን ማወቅ የለበትም። ነገ ሌላ የአከፋፈል ዓይነት ቢመጣ የክፍያ ሳጥን ሳይነካ አዲስ ልጅ ይጨመራል። ትክክለኛነቱን ለማወቅ «ነው» እያሉ ማንበብ ይበቃል። በባንክ ዝውውር መክፈል ክፍያ ነው፤ ያስኬዳል። የደረሰኝ መስመር ደረሰኝ ነው? አይደለም፤ ክፍሉ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ሦስት ማዕዘን ከታየ ስህተት አለ።

የአንድ ነገር ክፍል መሆንን የሚናገረው፣ በመስመሩ ጫፍ በሙሉው በኩል የሚሣለው ዳይመንድ ነው። ዳይመንዱ በቀለም የተሞላ ከሆነ ኮምፖዚሽን ይባላል። ደረሰኝና መስመሮቹ የተያያዙት በዚህ ነው። አንድ መስመር በአንድ ጊዜ የአንድ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ሲሰረዝም አብሮ ይሰረዛል። ዳይመንዱ ባዶ ከሆነ ግን አግሪጌሽን ነው። የበዓል ጥቅል ቡና፣ ስኳርና ዘይት ይዟል፤ ያው ቡና በሌላ ጥቅልም ሊገባ፣ ለብቻውም ሊሸጥ ይችላል።

ይህን ባዶ ዳይመንድ ፕሮግራመሩ እንደ ተሞላ ቢያነበውስ? በዓሉ አልፎ ሻጩ ጥቅሉን ሲሰርዝ፣ ቡናው ከዕቃ መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ቡና የተሸጠባቸው የቆዩ ደረሰኞች የሚያመለክቱት ዕቃ አይኖርም፤ ሪፖርቱም ይዛባል። ስለዚህ ዳይመንድ ባየን ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሙሉው ሲጠፋ ክፍሉ ይጠፋል?

ባዶው ዳይመንድ ራሱ ጠንካራ ቃል የለውም። የዩኤምኤል ደንብ ትክክለኛ ትርጉሙን ለሥራው ዘርፍና ለሠሪው ስለተወው፣ ብዙ ባለሙያዎች በተራ መስመር ይተኩታል። ሥዕሉም የሚያሳየው የነገሮቹን ዝምድና ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሌላ ዓይነት ዲያግራም ያስፈልጋል። ባለሱቁ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱን መስመር እንደ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያንብበው፤ «አንድ ደረሰኝ ቢያንስ አንድ መስመር አለው፤ ሲሰረዝ መስመሮቹም ይሰረዛሉ» እያለ። «እኛ ጋ እንዲህ አይሠራም» የሚያሰኘው መስመር ኮድ ሳይሆን መታረም አለበት።