ሳይናገር ሦስት ጨዋታ ለቀረ ተጫዋች ማስጠንቀቂያ እንዴት ይጻፋል?

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ ይፋግን ታገኛላችሁ። በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ህዳርና ታህሳስ የሩዝ አጨዳ ወቅት ነው፤ የወጣቱ ጉልበት ማሳ ላይ ይፈለጋል። የሰፈሩ ቡድን ደግሞ እሁድ 11 ሰው ይፈልጋል።

ተጫዋች ቀድሞ «አልመጣም» ካለ ተተኪ ይፈለጋል። ዝም ብሎ ከቀረ ግን አሰልጣኙ የሚያውቀው ማልያ ሲታደል ነው። በእግር ኳስ ሕግ አንድ ቡድን ከ7 ተጫዋች በታች ከሆነ ጨዋታው አይጀመርም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ዋና ትኩረቱን ማድረግ ያለበት አለማሳወቁ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ19 ዓመት ተከላካይ ህዳር 7፣ ህዳር 14 እና ህዳር 28 ሳይናገር ቀረ እንበል። የተናደደ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጽፋል፦

«በተደጋጋሚ ባሳየኸው ኃላፊነት የጎደለው ድርጊት ቡድኑን አዋርደሃል። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።»

እዚህ ላይ ሦስት ችግር አለ። «በተደጋጋሚ» ስንት ጊዜ ነው? ቀኑ ካልተጻፈ ልጁ «አንዴ ብቻ ነው የቀረሁት» ብሎ ይከራከራል። «ኃላፊነት የጎደለው» ሲባል ደግሞ ወሬው ከጨዋታው ወጥቶ ወደ ጠባዩ ይሄዳል፤ ሰው ጠባዩ ሲነካ መልስ አይሰጥም፣ ይኮርፋል። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ «የመጨረሻ» ካላችሁት በኋላ ልጁ ደግሞ ቀርቶ፣ ተከላካይ ስላጠራችሁ ብታሰልፉት፣ ከዚያ ወዲህ የምትጽፉትን ማንም አያምንም።

ከመጻፍ በፊት ግን በቃል መጠየቅ ይቀድማል። አባቱ ታሞ ማሳው እሱ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታውቁ የጻፋችሁት ደብዳቤ ቤተሰቡን ጭምር ያስቀይማል። በቃል ተነግሮት ካልተስተካከለ ያኔ ይጻፍለት፦

«ቀን፦ ህዳር 30
ጉዳዩ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

ህዳር 7፣ ህዳር 14 እና ህዳር 28 በነበሩን ሦስት ጨዋታዎች ሳያሳውቁ ቀርተዋል። ህዳር 15 ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋግረው ወደፊት እንደሚያሳውቁ ተስማምተው ነበር። ህዳር 28 ቡድኑ በ10 ሰው ለመጫወት ተገዷል።

አጨዳ ወይም ሌላ ችግር ካለብዎት እስከ ዓርብ ታህሳስ 3 ድረስ ለአሰልጣኙ ይንገሩ፤ አብረን መላ እንፈልጋለን። መምጣት በማይችሉበት ጊዜ ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ያሳውቁ። ከዚህ በኋላ ሳያሳውቁ ቢቀሩ ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታዎች አይሰለፉም።»

ስድብም ልመናም የለበትም። የሆነው ነገር በቀኑ ተቀምጧል፣ የሚጠበቅበት ተነግሯል፣ ቅጣቱም ኮሚቴው በእርግጥ ሊፈጽመው የሚችል ነው።

«ለሰፈር ልጅ እንዴት እርስዎ ይባላል?» ትሉ ይሆናል። ሜዳ ላይ «አንተ» በሉት፣ ችግር የለም። ደብዳቤ ላይ ግን ከኮሚቴ የመጣ «አንተ» እንደ ቁጣ ይነበባል፤ «እርስዎ» ደግሞ ነገሩን ከግል ጠብ ያወጣዋል። ተጫዋቹ ገና ታዳጊ ከሆነ ግን «እርስዎ» ፌዝ ይመስላልና ከወላጁ ጋር መነጋገሩ ይሻላል።

ሌላው ቃናውን የሚያበላሸው «ግልባጭ» ነው። ለቀበሌ፣ ለወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት እየተባለ ሲበተን የልጁ ጥፋት የከተማ ወሬ ይሆናል። ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ የቡድኑ ቴሌግራም ላይ መለጠፍማ የባሰ ነው፤ ደብዳቤው ለስላሳ ቢሆን እንኳ አለጣጠፉ ስድብ ያደርገዋል። ለመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሁለት ቅጂ ይበቃል። አንዱን ለእሱ በእጁ ስጡት፣ ሌላው ላይ መቀበሉን አስፈርማችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ሠራተኛ በመቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚሰናበተው በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ከቀረ ነው። ደመወዝ የማይከፈለው የሰፈር ተጫዋች ሠራተኛ ስላልሆነ አዋጁ እሱን አይመለከተውም፤ ግን ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ በጽሑፍ ንገሩ፣ ቁጠሩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ልጁ ታህሳስ 3 ሳይደርስ ደውሎ «እስከ ወሩ መጨረሻ አጨዳ ላይ ነኝ» ካለ ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል። ቢቀርም አሰልጣኙ ቀድሞ ያውቃል፣ ለታህሳስ 5 ጨዋታ ሌላ ተከላካይ ያዘጋጃል። ዝም ካለና እሁድም ሳይናገር ከቀረ ደግሞ የተጻፈው ቅጣት ይፈጸማል፤ ሁለቱን ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ሆኖ ያያል።